ሒሳቡ የማን ነው? ከአደጋ በኋላ ለሚወጡ የእርዳታ ጥሪዎች ገንዘብ ስንልክ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ወሬውና ፎቶው በየስልኩ የደረሰው እሳቱ ገና ሳይጠፋ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 2016፣ በጎፋ ዞን የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲቀብርም እንዲሁ ሆኗል። እንዲህ ባለ ቀን የአዲስ አበባ ሰው እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል፤ አጭበርባሪውም የሚጠብቀው ይህንኑ ሰዓት ነው።

አደጋው እውነት ከሆነ ጥሪውም እውነት ነው ማለት

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። «እውነት ተቃጥሏል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ዜናውን ያያል፣ ልቡ ያርፋል። ሐሰተኛ ጥሪ ግን ብዙ ጊዜ አደጋ አይፈጥርም። አደጋው እውነተኛ ነው፣ ፎቶው እውነተኛ ነው፣ የተጠቀሰው ድርጅትም በእርግጥ አለ። የተቀየረው የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ማጣራቱ ከዜናው ሳይሆን ከቁጥሩ መጀመር አለበት።

ለምሳሌ እንበል፣ ከቃጠሎው ማግስት ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይህ መልእክት ገባ፦ «በመርካቶ ንብረታቸውን ላጡ ወገኖቻችን ቀይ መስቀል ድጋፍ እያሰባሰበ ነው። ያቅማችሁን አስገቡ፣ ለሌሎችም አጋሩ።» ከሥሩ በ1000 የሚጀምር የንግድ ባንክ ሒሳብና ለቴሌብር የሚሆን የሞባይል ቁጥር አለ። የሒሳቡ ባለቤት ስም ግን የለም።

የባንኩን መተግበሪያ ይክፈቱና ቁጥሩን እንደሚልክ ሰው ያስገቡ። የሚስጥር ቁጥርዎን አስገብተው ከማረጋገጥዎ በፊት የሒሳቡ ባለቤት ስም ይመጣል። እዚያ ጋ ይቁሙ፤ እስካላረጋገጡ ድረስ ገንዘብዎ ከሒሳብዎ አይወጣም። የሚታየው የድርጅቱ ስም ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ስም ከሆነ ከመልእክቱ ጋር አይገጥምም ማለት ነው። ተመልሰው ይውጡ።

ላኪውን ከጠየቁት መልስ አያጣም። «የገንዘብ ያዣችን ሒሳብ ነው»፣ «የድርጅቱ ሒሳብ እስኪከፈት ድረስ ነው» ይላል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ተቋም በአደጋ ማግስት የሠራተኛውን የግል ሒሳብ ተውሶ መዋጮ አይሰበስብም።

መልእክቱ ላይ በተጻፈው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ

ጥሪውን የጻፈው ሰው ስልኩንም የጻፈው እሱ ነው። ደውለው «ቀይ መስቀል ነው?» ቢሉት «አዎ» ይልዎታል። የድርጅቱን ስልክ ወይም አድራሻ ከሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ ከራሱ ድረ ገጽ፣ ከቆየ ደረሰኝ፣ ወይም እዚያ ከሚሠራ ከሚያውቁት ሰው። ሥራዎ መሀል ከተማ ከሆነ በምሳ ሰዓት በአካል ብቅ ማለትም ይቻላል።

ሲጠይቁ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መልእክቱ ላይ ያለውን ቁጥር እርስዎ አንብበው «ይህ ነው?» አይበሉ፤ የተጣደፈ ሰው ሳያስተያይ «አዎ» ሊል ይችላል። «ለዚህ አደጋ መዋጮ የምትቀበሉበትን ሒሳብ ንገሩኝ» ብለው እነሱ እንዲያነቡልዎ ያድርጉና በእጅዎ ካለው ጋር ያስተያዩ።

ስሙን የማያውቁት ድርጅት ከሆነ ደግሞ ምዝገባውን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት እንዲህ ያሉ ድርጅቶችን የሚመዘግበው እሱ ነው። በቴሌግራም የተለጠፈ የምስክር ወረቀት ፎቶ ግን ማስረጃ አይደለም። የሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ስሙም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

የላከልንን ሰው ስለምናምን ጥሪውን ማመን

«አክስቴ ናት የላከችልኝ» ይባላል። አክስትዎ ሐቀኛ ናቸው፤ እሳቸውም ያገኙት ከሌላ ሐቀኛ ሰው ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሒሳቡን ባለቤት የሚያውቅ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። «አክስቴ፣ የሒሳቡን ባለቤት በአካል ያውቁታል? ካልሆነ ከማን አገኙት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በደረሰኝና በፎቶ ብዛት መረታት

ከጥሪው ሥር «ወገኖቻችን እየለገሱ ነው» ተብሎ በFT የሚጀምር ቁጥር ያለባቸው የባንክ ደረሰኞች ይደረደራሉ። ሰው ከሰው መቅረት ስለማይወድ ይህ በጣም ይገፋፋል። ደረሰኙ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚያሳየው አንድ ሰው እንደላከ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ለተጎጂው ስለመድረሱ ምንም አይልም።

ፎቶውን በጎግል ሌንስ መፈለግ ጠቃሚ ነው። ከዓመታት በፊት የተነሳ ወይም የሌላ አገር ሆኖ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ፎቶው ባይገኝ ግን ትክክለኛ ነው ማለት አይደለም፤ በቴሌግራም ብቻ የዞረ ምስል እዚያ ላይወጣ ይችላል። ከዚህ ይልቅ ቻናሉን ወደ ላይ ወደ ላይ እየሳቡ የቀድሞ ልጥፎቹን ማየት ብዙ ይናገራል። እስከ ትናንት የኳስ ውርርድ ሲለጥፍ የነበረ ቻናል ዛሬ «የእርዳታ አስተባባሪ» ከሆነ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። በፌስቡክ ደግሞ ገጹ መቼ እንደተከፈተና ቀድሞ ምን ይባል እንደነበር ስለ ገጹ ግልጽነት በሚያሳየው ክፍል ውስጥ ይታያል።

የግለሰብ ስም ያለበትን ሁሉ ሌባ ማለት

ይህኛው ስህተት በእውነት የተጎዱትን ስለሚጎዳ በጣም ያሳስበኛል። ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴ ወይም ቤቱ የፈረሰበት ጎረቤት ብዙ ጊዜ የሚደርሱለት እድሩ፣ ጓደኞቹና የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ የድርጅት ሒሳብ የላቸውም። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ የተጎዳው ሰው በስሙ ገንዘብ እየተሰበሰበ መሆኑን ያውቃል? ሒሳቡ የራሱ ነው ወይስ የሰብሳቢው? የሰብሳቢዎቹ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሰው በጋራ ካልፈረመ የማይወጣበት ነው? የተሰበሰበው ስንት እንደደረሰስ ለማን ይነገራል? እድሩ ካለ የእድሩን ዳኛ መጠየቅ ነው። የሸማ ተራ ነጋዴ ከሆነ የጎን ሱቁ ባለቤት ያውቀዋል። እውነተኛ ሰብሳቢ እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ ይመልሳል፤ «ሰው እየሞተ አንተ ታጣራለህ?» ብሎ አያሸማቅቅዎትም።

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በጎፈንድሚ ሲያሰባስቡም ይኸው ይሠራል። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ባንክ በቀጥታ ስለማይከፍል ገንዘቡን መጀመሪያ የሚቀበለው ውጭ ያለ ሰው ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ እዚህስ ለማንና በምን መንገድ እንደሚልክ በዘመቻው ገጽ ላይ ካልተጻፈ ይጠይቁ።

ከላኩ በኋላ ዝም ማለት

እንደተታለሉ ካወቁ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር ወደ 127 ይደውሉ። የግብይቱን ቁጥርና ሰዓቱን ይያዙ፣ መልእክቱንም አያጥፉ፤ ለፖሊስ ሲያመለክቱ ያስፈልግዎታል። ገንዘቡ ወጥቶ ከሆነ ማስመለሱ ከባድ ነው፤ ፈጥኖ መደወል ግን ሌሎች እንዳይልኩ ሒሳቡን ለማስታገድ ይረዳል። ከዚያ መልእክቱን ባዩበት ግሩፕ «ይህ ቁጥር የድርጅቱ አይደለም፣ አትላኩ» ብለው ይጻፉ። በመተግበሪያው ላይ ያዩትን የግለሰብ ስም ግን እዚያ አይለጥፉ። ሒሳቡን ሳያውቅ ያዋሰ ወይም በጥቂት ብር ተታልሎ የሰጠ ሰው ሊሆን ስለሚችል፣ ስሙን ለባንኩና ለፖሊስ ብቻ ይስጡ።