ኤሊና ቅብጥብጡ ጥንቸል፦ ተረቱን በግጥም ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤሊ ከቅብጥብጥ ጥንቸል ጋር ተሽቀዳድማ ትዕግሥት የምትማርበት ተረት ለጅማ ልጆች በግጥም ሲጻፍ፣ ኤሊዋ ከመጀመሪያው ገጽ ታጋሽ ሆና ትመጣለች። ይህን ተረት ደጋግሞ የሚገድለው ይኸው ነው። ርዕሱ ኤሊ ከጥንቸል ጋር ስትሽቀዳደም ትዕግሥት ተማረች ይላል፤ ግጥሙ ደግሞ በሁለተኛው ስንኝ «ታጋሿ ኤሊ» ብሎ ይጀምራል። ታዲያ ምን ተማረች? ጸሐፊው ኤሊ ዝግ ስለምትል ብቻ ታጋሽ አድርጓታል። ዝግ የምትለው እግሯ አጭር፣ የጀርባዋ ድንጋይ ከባድ ስለሆነ ነው፤ በልቧ ግን እንደማንም ልትጣደፍ ትችላለች። ልጆች ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ ቀስ ብላ እየሄደች በየእርምጃው የምትቆጣ አክስት የሌለችው ልጅ የለም።

ስለዚህ እመት ኤሊን በዕድሜ ትልቅ፣ በንዴት ግን ፈጣን አድርጓት። ጥንቸሉ «እትዬ ኤሊ፣ ምነው ቆምሽ?» ሲላት ደሟ ይፍላ። ቀጥሎ ንዴቷ በአካሏ ላይ ጉዳት ያምጣ። ለምሳሌ መንገዱ ቁልቁለቱን ዞሮ ሲሄድ እሷ ላቋርጥ ብላ ገደላገደሉን ትቧጥጥና በጀርባዋ ትገልበጥ። ኤሊ ከተገለበጠች በኋላ መነሳት ከባድ ሥራ ነው። እግሮቿ አየር ላይ ሲንፈራገጡ ምንም አይረዷትም፤ አንገቷን ዘርግታ በራሷ የምትገፋው ነገር፣ ድንጋይ ወይም ሥር፣ ማግኘት አለባት። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። እየተንፈራገጠች ሳለ እንደተገለበጠች ትቆያለች፣ ስትረጋጋ ድንጋዩን ታገኘዋለች። ከዚያ በኋላ «ትዕግሥት» የሚለው ቃል በግጥሙ ውስጥ አንዴም ባይጠራ ልጁ ገብቶታል። መጨረሻ ላይ «ልጆች ሆይ» ብሎ የሚጀምረውን ምክር ሰርዙት። ሁልጊዜ ሰርዙት።

ጥንቸሉን ዛፍ ሥር ማስተኛትም ይቅር። እሱ የሌላ ተረት ጥንቸል ነው። የኛው ቅብጥብጥ ነው፣ ቅብጥብጥ ልጅ ደግሞ በውድድር መሐል አይተኛም። እንዴት ይሸነፍ? በራሱ ጠባይ። ሮጦ ይቀድማል፣ መጠበቅ ያቅተዋል፣ «የት ደረሰች?» ብሎ ይመለሳል፣ አይቷት ይስቃል፣ እንደገና ይሮጣል። በሦስተኛው ሲመለስ የተገለበጠችበት ቦታ ባዶ ነው። እሱ ገደሉ ሥር ሲፈልጋት፣ እሷ በቡናው ጥላ ሥር አልፋ ሄዳለች። በዚህ መንገድ ሁለቱም እንደየጠባያቸው ሆነው ታሪኩ ይዘጋል፣ ጥንቸሉም ክፉ አይሆንም።

አሁን ወደ ግጥሙ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት ቀላል ይመስላል፦ «ኤሊ ተነሳች፣ ጥንቸል ሮጠች፣ ኤሊ ዘገየች፣ ጥንቸል ሳቀች።» ሃያ ገጽ ሙሉ ች፣ ች፣ ች። ይህ ሰዋስው ራሱ የሚያመጣው ቤት ስለሆነ ጆሮ ምንም አይጠብቅም፤ ልጁ ሦስተኛው ገጽ ላይ ዓይኑን ወደ መስኮት ያዞራል። ሌላም ጣጣ አለው፦ ሁለቱም ሴት ሲሆኑ «ሮጠች» ማን እንደሆነች አይታወቅም፣ ጸሐፊው በየስንኙ ስም ለመጥራት ይገደዳል፣ ስሙ ደግሞ ምጣኔውን ይሰብራል። ኤሊን ሴት፣ ጥንቸሉን ወንድ ካደረጋችሁ «ሮጠ» እና «ሄደች» ብቻ ይበቃሉ። ቤቱን ለማዳን መድኃኒቱ ግስን ከስም ማጋጠም ነው። ኤሊዋ የምትነሳበትን ስንኝ እንዲህ ብንጽፈው፦

እግሯን ሰበሰበች አንገቷን ዘርግታ፣
ድንጋዩን ገፋችው ቀስ በቀስ በዝግታ።

«ዘርግታ» ግስ ነው፣ «በዝግታ» ደግሞ አይደለም፤ የጋራቸው መድረሻ ታ ብቻ ሳይሆን ከፊቷ ያለችው ግም ናት። ጆሮ የሚደሰተው በዚህች ትርፍ ነው። ለ ከሉ ጋር ቤት አይመታም፤ ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ ግን በድምፅ አንድ ስለሆኑ ያለ ስጋት አጋጥሟቸው።

ምጣኔው ላይ ጀማሪዎች ኤሊንም ጥንቸልንም በአንድ ምት ያስኬዷቸዋል። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል፤ አማርኛ ለዚህ የተመቸ መሣሪያ እጃችን ላይ አስቀምጦልናል። ከላይ ያለው ስንኝ የወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሌላ ስድስት ቀለም። ረጅም ነው፣ ይተነፍሳል፣ የኤሊ እርምጃ ነው። ለጥንቸሉ በቡሄ በሉ ምት፣ አራት አራት፦

ዘለል ዘለል ሮጥ ሮጥ አለ፣
ቀዩን ቡና እየጣለ።

ታሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ምቱም ይለወጥ፤ ልጁ ማን እንደመጣ ስሙ ሳይጠራ ያውቃል። በተለይ ኤሊዋ በንዴት የምታቋርጥበትን ክፍል በጥንቸሉ ምት ጻፉት። አራት አራት እየተጣደፈች ሄዳ ስትገለበጥ ስንኙ መሐል ላይ ይሰበር፣ ከዚያ ወደ ስድስት ስድስት ይመለስ። ስትቆጥሩ ፊደሉን አትቁጠሩ፣ ድምፁን ቁጠሩ። «እግሯን» አራት ፊደል ነው፣ ሲነገር ግን እግ‑ሯን፣ ሁለት ቀለም ነው። ጣት በጠረጴዛ ላይ እየመቱ ማንበብ ከማንኛውም ደንብ ይሻላል።

የሚጠብቅና የሚላላ ቃል ቤት መድፊያ ላይ አታስቀምጡ። «ጥንቸሉ ይበላል» የሚለው ላልቶ ሲነበብ ሣር እየጋጠ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ግን ጅብ መጥቶበታል። መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ማታ የምታነብ እናት የትኛው እንደሆነ ከፊደሉ ማወቅ አትችልም።

ታሪኩን ጅማ ላይ የሚያስቀምጡ ብዙዎች ከሂርማታ ገበያ እስከ ጅሬን ኮረብታ ያሯሯጧቸዋል፤ ስሞቹ ያምራሉ፣ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ጥሩ መድረሻ ይመስላል። ግን ቤተ መንግሥቱ ከከተማው ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም ዳገት። ኤሊ በሰዓት ከግማሽ ኪሎ ሜትር ብዙም አትዘልቅም፤ ሳታርፍ ብትሄድ እንኳ ከንጋት እስከ ምሽት አይበቃትም፣ ጥንቸሉም እስከዚያ የሚያደርገው ነገር ያጣል። የአንድ ቡና ማሳ ዳር፣ 150 ሜትር ያህል፣ ከዋንዛው እስከ ቡና ማስጫው አልጋ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ትወስዳለች፤ ለሦስት ጊዜ መመለስ በቂ ነው። ወሩንም አስቡት፤ በሐምሌ ጭቃ ላይ ቀይ ቡና የሚያረግፍ ጥንቸል ሲያይ የጅማ ልጅ ይስቅባችኋል። ወቅቱን ጥቅምት ወይም ኅዳር አድርጉት።

ቤት ለመምታት ሲባል ከግዕዝ የሚጎተት ቃልም እዚህ ከተማ በእጥፍ ያስከፍላል። ብዙዎቹ አድማጮች ቤታቸው አፋን ኦሮሞ ነው የሚነገረው፤ ያልገባቸውን ቃል በቤቱ ውበት አይምሩላችሁም። ቃሉ ገበያ ላይ ካልተሰማ ስንኙን አፍርሳችሁ እንደገና ሥሩት።

ኤሊዋን ከጀርባዋ ድንጋይ አውጥታችሁ አታሳርፏት፤ ድንጋይዋ ከጀርባ አጥንቷና ከጎድን አጥንቶቿ ጋር አንድ አካል ነው። ጥንቸሉንም ጉድጓድ ውስጥ አትደብቁት። የኛ አገር የዱር ጥንቸል ሣር ውስጥ ነው የሚተኛው፤ ሠዓሊው ጉድጓድ ከሳለ አስመልሱት።