ጀልባዋ ስትሸጥ፦ በመጨረሻው ዓመት የገንዘብ ፍሰት ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ሥራ ሊጀምር ብድር የሚጠይቅ ሰው የቢዝነስ ፕላን ያስጽፋል። ፕላኑ ላይ ነዳጁ፣ የካፒቴኑ ደመወዝ፣ ጥገናው ሁሉ ተዘርዝሯል። ወደ ዘጌ ገዳማት በሳምንት ስንት ምልልስ እንደሚኖር፣ ክረምት ላይ ጎብኚ በምን ያህል እንደሚቀንስ ሳይቀር ተሰልቷል። አምስተኛው ዓመት ላይ ሲደረስ ግን ሠሪው ይደክመዋል መሰለኝ፣ "የጀልባ ሽያጭ" ብሎ አንድ መስመር ጣል ያደርግና ሒሳቡን ይዘጋል። ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚያች መስመር ላይ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ የግል ማኅበር ጀልባና ሞተር በ2,000,000 ብር ገዛ እንበል። አምስት ዓመት ሠርቶባት በ1,100,000 ብር ይሸጣታል። ያገለገለች ጀልባ ይህን ያህል ታወጣለች ወይ የሚል ካለ፣ ሞተሩ ከውጭ የሚመጣ መሆኑን ያስብ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአዲስ ሞተር ዋጋ ሲወጣ የአሮጌውንም ይዞት ወጥቷል።

ግብሩን በተመለከተ ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። አንደኛ፣ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለንግድ ሥራ ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥ የሚገኘው ትርፍ ከንግድ ሥራው ገቢ ጋር ይደመራል። ድርጅት ከሆነ 30 በመቶ ይከፍልበታል። ሁለተኛ፣ በደንብ ቁጥር 410/2009 እንዲህ ያለው ዕቃ "ሌሎች" ከሚባሉት ውስጥ ይገባል። የእርጅና ቅናሹ፣ ማለትም ዕቃው ስላረጀ በየዓመቱ በወጪነት የሚያዘው፣ ከመግዣው ዋጋ ላይ በሚሰላው በቀጥተኛ ዘዴ ከሆነ በዓመት 15 በመቶ፣ በቀሪው ዋጋ ላይ የሚሰላ ከሆነ 20 በመቶ ነው። ሕንፃ የራሱ መንገድ ስላለው እዚህ አንነካውም።

1. የሽያጩን ብር እንዳለ ማስገባት

በጣም የተለመደው ይህ ነው። አምስተኛው ዓመት ላይ 1,100,000 ብር ገቢ ይጻፋል፣ ግብር የሚባል ነገር የለም።

በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 300,000 ብር ይቀነሳል። በአምስት ዓመት 1,500,000 ይሆናል፤ መዝገቡ ላይ የሚቀረው 500,000 ብር ነው። ይህ ቡክ ቫልዩ የምንለው ነው። ጀልባዋ በ1,100,000 ስትሸጥ ትርፉ 600,000፣ ግብሩ 180,000 ይሆናል። ኪስ የሚገባው 920,000 ብር ነው።

180,000 ብሩ የሚከፈለው በአምስተኛው ዓመት ስለሆነ ዛሬ ያለው ዋጋ ያነሰ ነው። በዓመት 20 በመቶ ወለድ ታስቦ ወደ ዛሬ ሲመለስ ወደ 72,000 ብር ገደማ ይሆናል። ትንሽ ነው ብሎ የሚያልፈው አለ። ፕላኑ የሚያሳየው የተጣራ ትርፍ ራሱ ከዚያ ብዙም በማይበልጥበት ጊዜ ግን ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን የሚወስነው ይህ ነው።

2. ሙሉውን ዋጋ ግብር ማስከፈል

ግብር አለ የተባለ ሰው ደግሞ በሌላ በኩል ያበዛዋል። የ1,100,000 ብርን 30 በመቶ ይወስድና 330,000 ብር ይቀንሳል። ግን 500,000 ብሩ ገና ያልተቀነሰ የራሱ ገንዘብ ነው፤ ትርፍ አይደለም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ስህተት አለ። 600,000 ትርፉን ከዓመቱ ገቢ ላይ ይደምራል፣ ከታች ደግሞ 1,100,000 ብሩን ለብቻው ይጨምራል። አንዱን ገንዘብ ሁለቴ ቆጠረው ማለት ነው። ትርፉ ግብር ለማስላት ብቻ ይፈለጋል። ወደ ገንዘብ ፍሰቱ የሚገባው ሽያጩ ግብሩ ተቀንሶለት ነው፤ ሌላ ምንም አይጨመርም።

3. የተሳሳተውን መዝገብ መክፈት

ዋናው ይህ ነው፤ ልምድ ያላቸው ሒሳብ ሠራተኞችም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ድርጅት ሁለት ዓይነት የእርጅና ቅናሽ ይይዛል። አንዱ ለሒሳብ ሪፖርቱ ነው። እዚያ ላይ ሒሳብ ሠራተኛው ጀልባዋ ስምንት ዓመት ታገለግላለች፣ መጨረሻ ላይ 400,000 ብር ታወጣለች ብሎ ይገምታል። ሳልቬጅ ቫልዩ የሚባለው ይህ ግምት ነው። የሚቀነሰው 1,600,000 ለስምንት ሲካፈል በዓመት 200,000 ይመጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ መዝገቡ 1,000,000 ብር ይላል።

ሁለተኛው ለግብር ነው። የግብሩ ደንብ መጨረሻ ላይ ስንት ታወጣለች ብሎ አይጠይቅም። የመጣችበትን ዋጋ ይይዝና በምጣኔው ይቀንሳል። ስለዚህ የግብሩ መዝገብ 500,000 ላይ ነው።

ፕላን የሚሠራ አንድ ልጅ ስለዚህ ነገር ሲከራከረኝ "ጋሼ፣ መዝገቡ እኮ አንድ ሚሊዮን ነው የሚለው፣ ትርፉ መቶ ሺህ ብቻ ነው" ብሎኛል። የያዘው መዝገብ ሐሰት አይደለም፤ የግብር ሰብሳቢው መዝገብ ግን አይደለም። በእሱ አካሄድ ግብሩ 30,000 ይሆናል። ትክክለኛው 180,000 ነው።

የባሰው ነገር ሰዎች ሁለቱን መቀላቀላቸው ነው። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ዓመት ግብር ሲያሰሉ 300,000 ይቀንሳሉ፤ ብዙ ግብር ስለሚያስቀር ደስ ይላል። ሽያጩ ላይ ሲደርሱ ደግሞ 1,000,000 የሚለውን መዝገብ ያወጣሉ። እዚያም ግብር ያስቀራል። ሁለቱንም መውሰድ አይቻልም።

ይህን ለማወቅ የምጠቀምበት ቀላል መፈተሻ አለ። በአምስቱ ዓመት የተቀነሰውን የእርጅና ቅናሽ ደምሩ። ከእሱ ላይ የሽያጩን ትርፍ ቀንሱ። የሚመጣው ቁጥር ከመግዣው ዋጋ ላይ የሽያጩ ዋጋ ሲቀነስ ከሚገኘው ጋር እኩል መሆን አለበት። በእኛ ጀልባ 2,000,000 ሲቀነስ 1,100,000፣ 900,000 ነው። በግብሩ መዝገብ 1,500,000 ሲቀነስ 600,000፣ እሱም 900,000 ነው። የተቀላቀለው ሒሳብ ግን 1,500,000 ሲቀነስ 100,000 ስለሆነ 1,400,000 ይሰጣል። 500,000 ብሩ ከየትም ሳይመጣ የተቆጠረ ወጪ ነው። የእሱ 30 በመቶ 150,000 ብር ነው፤ ከላይ ባየናቸው በ180,000 እና በ30,000 መካከል ያለው ልዩነት በትክክል ያ ነው።

መፈተሻው ሌላም ነገር ያሳያል። በቀሪው ዋጋ ላይ በሚሰላው በ20 በመቶ ዘዴ ከሄድን ከአምስት ዓመት በኋላ መዝገቡ 655,360 ብር ይሆናል። ትርፉ 444,640፣ ግብሩ 133,392 ነው። አየህ፣ ግብሩ ቀነሰ የሚል አይጠፋም። ግን በዚህ ዘዴ በአምስቱ ዓመት የተቀነሰው በድምሩ 1,344,640 ብቻ ነው። ከእሱ ላይ ትርፉ ሲነሳ ያው 900,000 ይመጣል። በጠቅላላው የሚከፈለው ግብር በሁለቱም ዘዴ አንድ ነው። የሚለየው መቼ እንደሚከፈል ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ዓመት ግብር ብቻ አይቶ ዘዴ መምረጥ ሒሳቡን ግማሽ ማንበብ ነው።

4. ኪሳራ ላይ ግብሩን መርሳት፣ ወይም አለአግባብ መቁጠር

ጀልባዋ በ350,000 ብቻ ተሸጠች እንበል። መዝገቡ 500,000 ስለሆነ 150,000 ብር ኪሳራ አለ። ኪሳራው ከዓመቱ ገቢ ላይ ስለሚቀነስ 45,000 ብር ግብር ያድናል። በገንዘብ ፍሰቱ 395,000 ይጻፋል። ብዙ ሰው ይህን 45,000 ብር ይረሳዋል።

የማያስታውቀው ስህተት ግን በተቃራኒው ነው። 45,000 ብሩ የሚገኘው ድርጅቱ በዚያ ዓመት ቢያንስ 150,000 ብር ትርፍ ካለው ነው። ጀልባ በርካሽ የሚሸጠው መቼ ነው? ጎብኚ ሲጠፋ፣ እምቦጭ መንገዱን ዘግቶ ምልልስ ሲቀንስ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ድርጅቱም ትርፍ የለውም። ኪሳራን ወደሚቀጥሉት ዓመታት ማሸጋገር አለ፤ ሥራውን ጨርሶ ለሚዘጋ ማኅበር ግን የሚሸጋገርበት ዓመት የለም። ሌላ ትርፋማ ሥራ ያለው ድርጅት 45,000ውን ይጻፍ። አንድ ጀልባ ብቻ ያለው ማኅበር በመጥፎው ግምት ላይ ዜሮ ያድርገው።

5. ከሽያጩ ጋር የሚመጡ ትናንሽ ነገሮች

ቫት የተመዘገበ ድርጅት ሲሸጥ 15 በመቶ ይጨምራል። በ1,100,000 ላይ 165,000 ብር ይሆናል። ገዢው ይከፍለዋል እንጂ የሻጩ አይደለም፤ ከሽያጩ ዋጋ ጋር ማዳመር አይገባም።

የደላላው ድርሻ፣ ጀልባዋን ከሐይቁ የማውጣትና የማጓጓዝ ወጪ ከሽያጩ ላይ ይቀነሳል። በመጋዘን የቀረ ነዳጅና መለዋወጫ በገዙበት ዋጋ ከተመለሰ ግን ትርፍ ስለሌለው ግብር የለበትም። አንዳንዱ ይህንንም ከጀልባዋ ጋር ደምሮ 30 በመቶ ይቀንስበታል፤ ያለ ምክንያት ገንዘብ ማጥፋት ነው።

ግለሰብ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ 30 በመቶ አይሠራም። በገቢ እርከኑ ነው የሚከፍለው። 600,000 ብር ትርፍ በአንድ ዓመት ሲመጣ ደግሞ አብዛኛው ገቢው ከላይኛው 35 በመቶ እርከን ላይ ያርፋል። ከሥራው ዓመት ገቢ ጋር ደምሮ ማስላት እንጂ አማካይ ምጣኔ መውሰድ አያዋጣም።

የሽያጩ ወርም ይታሰብ። የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 የሚያልቅ ድርጅት በሰኔ ከሸጠ ግብሩን እስከ ጥቅምት 30 ይከፍላል። በሐምሌ መጀመሪያ ከሸጠና ሥራውን ከቀጠለ ግን የሚከፍለው በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ነው። ጥቂት ቀን ማዘግየቱ 180,000 ብሩን አንድ ዓመት በእጅ ያቆየዋል። በዚያው ልክ ግን፣ ሐምሌ ላይ ሥራው ቆሞ ከሆነ፣ በሽያጩ ኪሳራ ቢመጣ የሚቀነስበት ገቢ አይኖርም።