ዶሮ፣ የተፈጨ ሥጋና ዓሣ ስናበስል ልናስወግዳቸው የሚገቡ የሙቀት ስህተቶች

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለቤት ማብሰያ የሚመክረው የውስጥ ሙቀት ለዶሮ 74፣ ለተፈጨ የበሬ ሥጋ 71፣ ለዓሣ ደግሞ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች የተለያዩት እያንዳንዱ ሥጋ የሚሸከመው ተህዋሲና ተህዋሲው የሚገኝበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶችም በአብዛኛው ይህን ልዩነት ካለማወቅ የሚመጡ ናቸው።

ዶሮው መብሰሉን በቀለሙ መወሰን

ብዙ ሰው ታፋውን በቢላ ወጋ አድርጎ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ካለ ዶሮው በስሏል ይላል። ነገር ግን በወጣት ዶሮ ላይ የአጥንቱ መቅኒ ቀለም ወደ ሥጋው ስለሚዘልቅ በደንብ የበሰለ ታፋ ቀላ ብሎ ሊቀር ይችላል፤ በአንጻሩ ነጭ የመሰለ ሥጋ ገና ከሚፈለገው ሙቀት በታች ሊሆን ይችላል። ዶሮ በአንጀቱ ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎችን ይዞ ሊገኝ ስለሚችልና እነዚህም በእርድ ጊዜ ሥጋውን ስለሚበክሉ፣ መለኪያው ቴርሞሜትር እንጂ ዓይን ሊሆን አይገባም። 74 ዲግሪ የተመረጠው ሳልሞኔላ በዚያ ሙቀት ወዲያውኑ ስለሚሞት ነው። በ63 ዲግሪም ይሞታል፤ ሆኖም ሥጋው እንደ ስቡ መጠን ከ8 እስከ 13 ደቂቃ ሳይቀዘቅዝ በዚያው ሙቀት ላይ መቆየት አለበት፣ ይህን ደግሞ በቤት ምድጃ መቆጣጠር አስቸጋሪ ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ ማቆም

ምድጃ ውስጥ የገባ ሙሉ ዶሮ ደረቱ 76 ዲግሪ ሲያሳይ ታፋው ከመገጣጠሚያው አጠገብ ገና 66 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቴርሞሜትሩን ጫፍ በታፋው ወፍራም ክፍል ውስጥ አጥንት ሳይነካ ማስገባት፣ ቀጥሎም ደረቱን መለካት ያስፈልጋል፤ ከሁሉም ዝቅ ያለው ንባብ ነው የሚታመነው። ተበልቶ በወጥ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚፈላ ዶሮ በዚህ ረገድ እምብዛም አያሳስብም።

የተፈጨ ሥጋን እንደ ሙሉ ሥጋ መቁጠር

ባክቴሪያ በአንድ ሙሉ የበሬ ሥጋ ላይ ሲገኝ በአብዛኛው በገጹ ላይ ነው፤ ስለዚህ ውጪው በደንብ ከተጠበሰ መሃሉ ቀላ ቢልም አደጋው ትንሽ ነው። ሥጋው ሲፈጭ ወይም ሲከተፍ ግን ገጹ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በዚያ ላይ የብዙ ከብት ሥጋ አንድ ላይ ሊቀላቀል ይችላል። ዋናው ስጋት ኢ.ኮላይ O157:H7 የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን በሕፃናት ላይ ኩላሊትን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። በ1993 (እ.ኤ.አ.) በምዕራብ አሜሪካ በደንብ ያልበሰለ ሃምበርገር ከ700 በላይ ሰዎችን አሳምሞ አራት ሕፃናትን ገድሏል።

እዚህ ላይም ቀለም ያታልላል፤ አንዳንድ የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ ከመድረሱ በፊት ቡናማ ይሆናል። ጠፍጣፋ ጥብስ ሲለካ ቴርሞሜትሩ ከጎን በኩል እስከ መሃሉ መግባት አለበት፣ ከላይ ከተወጋ ጫፉ የመጥበሻውን ሙቀት ሊያነብ ይችላልና። የተፈጨ የዶሮ ሥጋ ከሆነ ልኩ 74 ነው። ለብለብ ክትፎ ከ71 ዲግሪ እጅግ በታች ነው፤ ሚጥሚጣውና ቅቤው ይህን ሙቀት አይተኩም። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ሰውነቱ ለተዳከመ ሰው የሚቀርብ ክትፎ በደንብ የበሰለ ብቻ እንዲሆን እለምናለሁ።

ሙቀት የተበላሸ ዓሣን ያድናል ብሎ ማሰብ

ዓሣ 63 ዲግሪ ሲደርስ ጥገኛ ትሎችና አብዛኞቹ አሳሳቢ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ ሥጋውም ብርሃን የማያሳልፍ ሆኖ በሹካ ሲነካ በቀላሉ ይገነጠላል። ነገር ግን እንደ ቱና ያለ ዓሣ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ባክቴሪያው ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይፈጥራል፤ ይህ ደግሞ በጥብስም ሆነ በመፍላት አይጠፋም፣ የበላውን ሰው ፊቱን ያቀላል፣ ራሱን ያሳምመዋል። ስለዚህ ለዓሣ ቅዝቃዜውን ከተጠመደበት ሰዓት ጀምሮ መጠበቅ ከማብሰያው ሙቀት ያላነሰ ይመዝናል።

ቴርሞሜትሩን በፈላ ውኃ መፈተሽ

ውኃ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 92 አካባቢ ላይ ነው። በፈላ ውኃ የሚፈትሽ ሰው ደህናውን መሣሪያ ተበላሸ ብሎ ሊጥለው ይችላል። ብርጭቆ ሙሉ በረዶ ላይ ጥቂት ውኃ ጨምሮ ጫፉን መንከርና ጥቂት መጠበቅ ይሻላል፤ 0 ማንበብ አለበት። 2 ካነበበ ሁልጊዜ በ2 ዲግሪ ያበዛል ማለት ነውና ዶሮው 76 እስኪያሳይ ድረስ ከምድጃው አይውጣ።