ሂሳብ ሲዘጋ የሚጎድለው ብር፦ ከደብዳቤው እስከ መጨረሻው ሳንቲም

ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. አክስቴ ፒያሳ አካባቢ የነበራትን የቁጠባ ሂሳብ ዘጋሁ ብላ ወደ ቤት ተመለሰች። ደብተሯ ላይ 73,000 ብር ነበር፤ የተቀበለችው 72,950 ነው። «50 ብሩን ለመዝጊያ ወስደውት ይሆናል» ብላ ዝም ልትል ስትል ወረቀቷን አየሁት። ከዚያ ጀምሮ ዘመድ ጎረቤቱ ሂሳብ በዘጋ ቁጥር እኔን ይጠይቀኛል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ አንድ ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ ብሩን ሁሉ አወጣሁ፣ ግን ወለዱ የለም። ለምን?

ሂሳቡ ስላልተዘጋ ነው፤ ባዶ ብቻ ነው የተደረገው። የአክስቴ ወረቀት የገንዘብ ማውጫ ደረሰኝ እንጂ የመዝጊያ ማረጋገጫ ደብዳቤ አልነበረም። 50 ብሩም ክፍያ ሳይሆን በሂሳቡ ውስጥ መቅረት ያለበት ዝቅተኛ ተቀማጭ ነበር። ወለድ በየቀኑ ይታሰባል፣ ደብተር ላይ የሚገባው ግን በየወሩ ወይም በየመንፈቁ ነው። በመካከሉ የተጠራቀመው በደብተርም በስልክም አይታይም። ጊዜው ሳይደርስ ተሰልቶ ከዋናው ጋር የሚከፈለው ሂሳቡ በትክክል ሲዘጋ ብቻ ነው።

እንዴት ይለያል? ወረቀቱ ላይ «ሂሳቡ ተዘግቷል» የሚል ቃልና የተዘጋበት ቀን ይፈልጉ። ከዚያ ዋናው ብር፣ ወለዱ፣ ከወለዱ የተቀነሰው ግብር፣ የአገልግሎት ክፍያ ካለ እሱ፣ በመጨረሻም የተከፈለው የተጣራ ብር በየመስመሩ ተለይተው መታየት አለባቸው። አንድ ድምር ብቻ ከሆነ ዝርዝሩ ያለበት የሂሳብ መግለጫ ታትሞ ማህተም እንዲያርፍበት እዚያው መስኮቱ ላይ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የሚገባኝን ወለድ ራሴ እንዴት ላስላ?

የአክስቴን እንውሰድ። የመጨረሻው ወለድ የገባላት ሰኔ 23 ነው፤ በፈረንጆች 30/06/2023። ብሩ የወጣው 14/08/2023፤ በመካከሉ ወለድ የሚታሰብበት 44 ቀን አለ። ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ስለነበር፦

```
73,000 × 0.07 ÷ 365 = 14.00
14.00 × 44 = 616.00
616.00 × 0.05 = 30.80
616.00 − 30.80 = 585.20
```

በወቅቱ ከቁጠባ ወለድ ላይ የሚቀነሰው ግብር 5 በመቶ ነበር። ግብሩ የሚነካው ወለዱን ብቻ ነው፤ ከዋናው ብር ላይ ተቀንሶ ካዩ ስህተት ነውና ያስታርሙ። ለራስዎ ሲያሰሉ በደብዳቤው ላይ ያለውን ተመን ይጠቀሙ።

መጀመሪያ እኔም ቀኑን ተሳስቼ ነበር። 30/06ን «ሰኔ 30»፣ 14/08ን «ነሐሴ 14» ብዬ አንብቤ 43 ቀን አገኘሁ። የባንክ ሲስተም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚያትመው፤ ሐምሌ 30 ቀናት አሉት፣ ጁላይ ደግሞ 31። ስለዚህ ሁለቱንም ቀኖች ወደ አንድ አቆጣጠር ይለውጡና ከዚያ ይቁጠሩ። ብሩ የወጣበት ቀን አይቆጠርም፤ ማታ ላይ ሂሳቡ ውስጥ አላደረምና። የአንድ ቀን ልዩነት እዚህ 14 ብር ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት ከመጣ ምክንያቱ ሌላ ነው።

ሌላው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፦ ወለዱን በየቀኑ ቀሪ ሳይሆን በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ የሚያሰላ ባንክ አለ። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ አክስቴ የኦገስት ወለድ አይታሰብላትም፣ የጁላይ 31 ቀናት ብቻ፤ 434 ብር ከግብር በፊት። ባንክዎ እንዲህ የሚያሰላ ከሆነ ወሩ አልቆ ወለዱ እንደገባ መዝጋት ያዋጣል። የሂሳብ መክፈቻ ውሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ደብዳቤው ተከፍሏል ይላል፣ ብሩ ግን እጄ አልገባም።

የተከፈለበትን መንገድ ይመልከቱ። በሲፒኦ ከሆነ ወረቀቱን ወስደው እስኪያስገቡ ድረስ ብሩ አይንቀሳቀስም። ወደ ሌላ ባንክ ተልኮ ከሆነ የማስተላለፊያ ቁጥሩን ይቀበሉና የተቀባዩን ስምና የሂሳብ ቁጥር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ የአያት ስም መለያየት ብቻውን ብሩን ሊመልሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ ልዩነት ካገኘሁስ?

ስሌቱን በወረቀት ጽፈው፣ ደብተሩን፣ ደረሰኙንና መታወቂያዎን ይዘው ወደዚያው ቅርንጫፍ ኃላፊ ይሂዱ። «ብሬ ጎደለ» ከማለት «ከ30/06 እስከ 14/08 ያለው ወለድ የት ተመዘገበ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን ያፋጥነዋል። ካልተስማሙ ለባንኩ የደንበኞች ቅሬታ ክፍል በጽሑፍ ያስገቡና ቅሬታው የተመዘገበበትን ቁጥር ይያዙ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳለው ብሔራዊ ባንክ የሚኬደው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቁጥሩን ሳይዙ ቢሄዱ መጀመሪያ ባንክዎን ይጠይቁ ተብለው ይመለሳሉ።

እኛ እዚያ አልደረስንም። በማግስቱ አክስቴን ይዤ ቅርንጫፉ ሄድኩ። ልጅቷ ስክሪኑን አይታ «እማማ፣ ሂሳብዎ እኮ ክፍት ነው» አለቻት። የመዝጊያ ማመልከቻ አስሞላቻት፣ 585.20 ወለዱንና 50 ብሩን ደምራ 635.20 ከፈለቻት፤ ደብተሩንም ጥጉን ቆርጣ መለሰችላት።