የሊጥ ማቡኪያዋ እርጅና፦ ሁለት ስሌቶችና አራተኛው ዓመት

አክስቴ ደሴ ላይ ዳቦ ቤት አላት። የንብረት መዝገቧን የምይዘው እኔ ነኝ። የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም ዕቃ ሲያረጅ በየዓመቱ ከመዝገብ ዋጋው ላይ የሚቀነሰው፣ እንዴት እንደሚሰላ የተማርኩትም በሊጥ ማቡኪያ ማሽኗ ነው። እናንተም ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ትንሽ ሥራ ካላችሁ በዚሁ መንገድ መሄድ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ሦስት ቁጥር ያዙ። አንደኛው የዕቃው ሙሉ ዋጋ ነው። ማሽኑ 225,000 ብር ተገዛ። ከአዲስ አበባ ለማጓጓዝ 10,000፣ መስመር ዘርግቶ ለተከለው ኤሌክትሪሺያን ደግሞ 5,000 ወጣ። ስለዚህ መዝገብ ላይ የሚገባው 240,000 ነው። ብዙ ሰው ደረሰኙ ላይ ያለውን ብቻ ይጽፋል፤ ስህተት ነው። ሁለተኛው የአገልግሎት ዘመኑ ነው፤ 5 ዓመት አልን። ሦስተኛው ቀሪ ዋጋ ነው፤ ማለትም በመጨረሻ ሲሸጥ ያወጣል ብለን የገመትነው፣ 40,000 ብር።

ቀጥተኛው ዘዴ ቀላል ነው። ከዋጋው ቀሪውን ቀንሱ፣ ለዓመታቱ አካፍሉ። 200,000 ለ5 ሲካፈል በየዓመቱ 40,000 ይቀነሳል። ኤክሴል ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=(C2-D2)/E2
```

C ዋጋው፣ D ቀሪ ዋጋው፣ E ዓመቱ ነው። ለመደርደሪያና ለጠረጴዛ ከዚህ ሌላ አያስፈልግም።

ሁለተኛው እየቀነሰ የሚሄደው ዘዴ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋው ቶሎ ለሚወርድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለባጃጅና ለኮምፒውተር፣ እኔ ይሄን እመርጣለሁ። መጠኑን ለማግኘት 2ን ለዓመታቱ አካፍሉ። 2 ለ5 ማለት 40 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ቀሪ ዋጋ አስቀድሞ አይቀነስም። 40 በመቶው የሚሰላው በዓመቱ መጀመሪያ መዝገብ ላይ ባለው ዋጋ ነው፤ በተገዛበት ዋጋ አይደለም።

የአክስቴ ማሽን እንዲህ ይሄዳል። በ1ኛው ዓመት ከ240,000 ላይ 96,000 ይቀነሳል፣ 144,000 ይቀራል። በ2ኛው 57,600 ይቀነሳል፣ 86,400 ይቀራል። በ3ኛው 34,560 ይቀነሳል፣ 51,840 ይቀራል።

አራተኛው ዓመት ላይ ቆም በሉ። የ51,840 አርባ በመቶ 20,736 ነው። ይሄን ከቀነሳችሁ የሚቀረው 31,104 ነው፤ ቀሪ ብለን ከገመትነው 40,000 በታች ወረደ ማለት ነው። እርጅና ደግሞ ከቀሪ ዋጋ በታች አይወርድም። ስለዚህ በ4ኛው ዓመት የሚቀነሰው 11,840 ብቻ ነው። በ5ኛው ምንም የለም።

እኔ ይሄን አላየሁም ነበር። ቀመሩን ወደ ታች ጎትቼ ዝም ብዬ ተውኩት። 5ኛው ዓመት ሲያልቅ መዝገቡ 18,662 ብር ገደማ ይላል። ማሽኑ ልክ እንደገመትነው 40,000 ተሸጠ። መዝገቡም ከሽያጩ 21,338 ብር ትርፍ አወጣ። አክስቴ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ብር የት አለ?» አለችኝ። የትም አልነበረም። በ4ኛውና በ5ኛው ዓመት ከልክ በላይ ስለቀነስኩ የዳቦ ቤቱ ትርፍ አንሶ ታይቷል፤ የጎደለው በሽያጩ ዓመት በአንድ ጊዜ ተመለሰ። እሷ ደግሞ በዚያ ባነሰው ትርፍ ተማምና ሁለተኛ ሠራተኛ መቅጠሩን ትታው ነበር። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

መፍትሔው አንድ ቃል ነው፤ ቀመሩ ከሁለቱ ትንሹን እንዲወስድ ማድረግ። F የዓመቱ መጀመሪያ የመዝገብ ዋጋ ከሆነ፦

```
=MIN(F2*2/$E$2, F2-$D$2)
```

ኤክሴል የራሱ የተዘጋጀ ቀመርም አለው። የአራተኛውን ዓመት እንዲህ ብትጠይቁት 11,840 ይሰጣችኋል፦

```
=DDB(240000,40000,5,4)
```

እኔ ግን የላይኛውን እወዳለሁ። እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያሳያል፣ ስህተት ሲኖርም ቶሎ ይገኛል። ለማረጋገጥ የሁሉንም ዓመታት ቅናሽ ደምሩ። በሁለቱም ዘዴ ድምሩ 200,000 መሆን አለበት። የእኔ የተበላሸው መዝገብ ሲደመር 221,338 ገደማ ይመጣ ነበር፤ ደምሬው ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን አየው ነበር።

ዕቃው በዓመቱ መካከል ከተገዛ የመጀመሪያው ዓመት በወራት ይካፈላል። የበጀት ዓመታችሁ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ከሆነና ማሽኑ ጥር 1 ሥራ ከጀመረ 6 ወር ብቻ ነው የሚቆጠረው። 96,000 ሳይሆን 48,000 ትቀንሳላችሁ፤ የሚቀጥለው ዓመትም ከ192,000 ይጀምራል።

ለግብር የሚቀርበው ስሌት ግን ለብቻው ነው። እዚያ የሚቀነሰው መጠን በሕግ የተወሰነ ስለሆነ የእኛን 40 በመቶ ይዛችሁ አትሂዱ። እኔ ለአክስቴ ሁለት ሉህ እይዛለሁ፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለግብር።