«አቦል»ን በፊደል ብቻ መጻፍ፦ ለትንሽ ካፌ የስም ሎጎ እንዴት ይሠራል?

የአንድ ትንሽ ካፌ ሎጎ ከምስል ይልቅ በስሙ ፊደላት ብቻ ቢሠራ ይመረጣል፤ ስኒ ላይ ሲታተምም ሆነ በር ላይ ሲሰቀል የሚነበበው ስሙ ነውና። እንዲህ ያለውን ሎጎ ከተራ ጽሑፍ የሚለዩት ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ በፊደላቱ መካከል ያለውን ክፍተት በእጅ ማስተካከልና ከፊደላቱ አንዱን ብቻ መለወጥ። ሁለተኛው ሥራ በግዕዝ ፊደል ሲሆን በላቲን ፊደል ከሚጠይቀው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የእኛ ፊደል አናባቢውን የሚናገረው በእግር ርዝመት፣ በትንሽ ቀለበት ወይም በጎን በወጣች ጭረት ስለሆነ፣ ለጌጥ ተብሎ የተጨመረ ነገር ስሙን ወደ ሌላ ቃል ሊቀይረው ይችላል። ይህንን «አቦል» የሚባል ካፌ እንዳለ አድርገን ደረጃ በደረጃ እንየው።

መነሻውን ማዘጋጀት

በነፃ የሚገኘውን የሥዕል ፕሮግራም Inkscape ይክፈቱና ስሙን በአንድ ወፍራም ፎንት ይጻፉ። Noto Sans Ethiopic ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ፈቃዱ ለንግድ ሥራ መጠቀምንም ሆነ ቅርጹን መለወጥን ይፈቅዳል። የሌላ ፎንት ፊደል የሚነኩ ከሆነ ግን አስቀድመው ፈቃዱን ያንብቡ። ቀጥሎም ጽሑፉን መርጠው `Shift+Ctrl+C` በመጫን ወደ ቅርጽ ይለውጡት፤ ከዚያም `Shift+Ctrl+G` ሲጫኑ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ይንቀሳቀሳል። ከዚህ በኋላ ስሙን እንደ ጽሑፍ ማረም ስለማይቻል፣ ከመለወጥዎ በፊት አንድ ቅጂ ያስቀምጡ። የፊደላቱን ቁመት 100 ሚሊ ሜትር ቢያደርጉት ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች ሁሉ የቁመቱ መቶኛ ሆነው ይነበባሉ።

ክፍተቱን ማስተካከል

ክፍተት ሲስተካከል የሚለካው በሁለት ፊደላት ጫፍ መካከል ያለው ርቀት ሳይሆን በመካከላቸው የሚታየው ነጭ ስፋት ነው። በ«አ» እና በ«ቦ» መካከል ሁለት ቀጥ ያሉ እግሮች ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ነጩ ቦታ ከላይ እስከ ታች ጠባብ መተላለፊያ ይሆናል። በ«ቦ» እና በ«ል» መካከል ግን ነገሩ ሌላ ነው። የ«ቦ» ቀኝ እግር አጭር በመሆኑ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ የ«ል» ራስም ጠባብ ስለሆነ ከላይ በኩል ተጨማሪ ነጭ ይከፈታል። ሁለቱን ክፍተቶች በመሣሪያ እኩል ካደረጓቸው «አቦ» አንድ ላይ ተጣብቆ «ል» ብቻውን የቀረ ይመስላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰፊ ቦታ የሚፈልገውን ጥንድ፣ ማለትም «አ» እና «ቦ»ን፣ ወደ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ያራርቁ። ከዚያ «ል»ን በቀስት ቁልፉ ትንሽ በትንሹ ወደ ግራ ያስጠጉት፤ የግራ እግሩ ጫፍ ከ«ቦ» አጭር እግር በታች ወዳለው ባዶ ቦታ መግባት እስኪጀምር ድረስ መሄድ ይቻላል። በጣም በሚቀራረቡበት ነጥብ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀር ሁለቱ ነጭ ቦታዎች ለዓይን እኩል ይሆናሉ። መጠኖቹ መነሻ ብቻ ናቸው፤ ፎንቱ ሲቀየር ይቀየራሉ፤ የመጨረሻው ዳኛ ዓይን ነው። ለማረጋገጥ ጽሑፉን ላዩን ወደ ታች ገልብጠው ይመልከቱት፤ ቃሉ መነበቡን ሲያቆም ዓይን ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሚያይ፣ የላላው ቦታ ወዲያው ይታወቃል። አደጋው ከመጠን በላይ ማስጠጋቱ ነው። የ«ል» አካል ከ«ቦ» ቀኝ እግር ወገብ ጋር ከተነካካ በጎን የወጣ ጭረት ይመስላል፤ ያ ደግሞ የካዕቡ የ«ቡ» ምልክት ነው።

የሚለወጠውን ፊደል መምረጥ

እዚህ ላይ የምንመርጠው «ቦ»ን ነው፤ መሐል ላይ ስለሚቆም ሚዛኑን አያዛባም፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ሰፊ ነጭ ቦታም ለሥራ ይመቻል። ነገር ግን እርሳስ ከማንሳትዎ በፊት በዚህ ፊደል ላይ የትኛው ቦታ አናባቢውን እንደሚሸከም ይለዩ። «ቦ»ን ሳብዕ ያደረገው የቀኝ እግሩ ማጠር ነው። እግሩ ለውበት ተብሎ ትንሽ ከረዘመ ፊደሉ «በ» ይሆንና ካፌው «አበል» ተብሎ ይነበባል። በመሆኑም አጭሩ እግር ፊደላቱ ከቆሙበት መስመር ቢያንስ 30 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ማለቅ አለበት፤ ልዩነቱ ከሩቅም ሆነ በትንሽ መጠን ሊታይ የሚችለው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ለቡና ቤት ሎጎ ሲሠራ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሐሳብ ከአጭሩ እግር ሥር ባለው ባዶ ቦታ የቡና ፍሬ ማስቀመጥ ነው። ይህ ግን መደረግ የለበትም። በቀኝ እግር ጫፍ ላይ ያለ ክብ ነገር የኃምሱ ቀለበት ስለሆነ ፊደሉ «ቤ» ይሆናል፤ አላፊ አግዳሚውም «አቤል» ብሎ ያነበዋል፤ የሰው ስም ነውና ስህተት መሆኑን እንኳን አይጠረጥርም። ከፊደሉ ራስ በላይ የእንፋሎት መስመር ቢጨመር ወደ «ቮ» ይጠጋል፤ በግራ በኩል የጀበና አፍ ቢወጣለት ደግሞ «ብ»ን ያስታውሳል። በአራቱም አቅጣጫ ወደ ውጭ መጨመር ስለማያዋጣ የሚቀረን ወደ ውስጥ መቀነስ ነው።

«ቦ»ን መለወጥ

ሐሳቡ በእግሮቹ መካከል ያለው ነጭ ቦታ ታጥቦ የተደፋ ስኒ ቅርጽ እንዲይዝ ነው። ስኒ ከቂጡ ጠበብ ከአፉ ሰፋ ይላል፤ ሲደፋ ደግሞ ጠባቡ ወደ ላይ ይሆናል። `N` በመጫን የነጥብ ማረሚያውን ይክፈቱና የውስጡን መስመር ብቻ ይንኩ። የፊደሉ የውጭ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ነጩ ቦታ ከላይ 30፣ አጭሩ እግር በሚያልቅበት ከፍታ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ይሁን። እግሮቹ እንግዲህ ከትከሻቸው 20 ከታች 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኖራቸዋል፤ የሌሎቹ ፊደላት እግር 16 ገደማ ከሆነ «ቦ» ከጎረቤቶቹ አይለይም። የውስጡን ሁለት የላይ ማዕዘኖች በለስላሳ ቅስት ያጥፉ፤ የውጩን ግን እንዳለ ይተዉ። የውጩም ከተለሳለሰ «ቦ» ከ«አ» እና ከ«ል» ጋር ከአንድ ፎንት የመጣ አይመስልም። ረጅሙ የግራ እግር ከስኒው አፍ በታች ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ ወደ ውጭ ከታጠፈ ስኒ መሆኑ ይጠፋል።

ነጩ ቦታ በመጠኑ ስለተለወጠ ክፍተቶቹን እንደገና ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ «አ»ን አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ማስጠጋት ያስፈልጋል። «ካፌ» የሚለው ቃል መግባት ካለበት ከሥር፣ በስሙ ሲሶ ቁመት፣ ምንም ሳይለወጥ ይጻፍ፤ ስኒው በ«ቦ» ውስጥ ብቻ ይቅር።

መፈተን

ሎጎውን በጥቁር ብቻ፣ በ20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያትሙና ስሙን ለማያውቁ ሰዎች ምንም ሳይናገሩ አሳይተው ጮክ ብለው እንዲያነቡት ይጠይቁ። «አበል» የሚል ካለ አጭሩን እግር የበለጠ ያሳጥሩ፤ የሚያመነታ ካለ ስኒው ፊደሉን እየበላው ነውና የላይኛውን ስፋት ከ30 ወደ 33 ይመልሱ። በዚህ መጠን ስኒው ባይታይ ችግር የለውም፤ ስሙ መነበቡ ይቀድማል። ለበር ማስታወቂያ ደግሞ ክፍተቶቹን በጥቂቱ የሚያሰፋ ሁለተኛ ቅጂ ያዘጋጁ፤ በተለይ ከኋላው መብራት የሚገባለት ከሆነ ብርሃኑ የፊደላቱን ጠርዝ ስለሚያደበዝዝ ጠባብ ክፍተት ይዋጣል። የተጠናቀቀውን ሥራ በ`SVG` እና በ`PDF` አስቀምጠው ለአታሚው ይላኩ፤ ፊደላቱ ቅርጽ ስለሆኑ አታሚው ፎንቱ ባይኖረውም አይበላሹም።