ለስላሳ ሌንስ ለጀመሩ፦ ዓይን ሲቆረቁር፣ ሲያቃጥልና ሲቀላ

ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይንዎ ከተቆጣ፣ ሌንሱ አልተስማማኝም ብለው ከመደምደምዎ በፊት እጅዎን ታጥበው ሌንሱን ያውጡት። ሕመሙ ወዲያው ከተወዎት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱ ወይም በላዩ ያረፈ ነገር ነው፤ ከወጣም በኋላ ከቀጠለ ግን የተጎዳው ዓይኑ ራሱ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ መጨረሻው ክፍል ይለፉ።

ገና ሲያደርጉት ይቆረቁራል

ሌንሱ ተገልብጦ ወይም አቧራ ይዞ ሊሆን ይችላል። በጣትዎ ጫፍ አስቀምጠው ከጎን ሲያዩት ጠርዙ እንደ ቡና ስኒ ወደ ላይ ቀጥ ካለ ትክክል ነው፤ እንደ ሳህን ከንፈር ወደ ውጭ ከተዘረጋ ግን ተገልብጧል። መልሰው ይገልብጡትና በሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ ያለቅልቁት። ጠርዙ የተቀደደ ከሆነ፣ ለአንድ ወር የሚያገለግለው ወርሃዊ ሌንስም ቢሆን፣ ይጣላል።

ያቃጥላል፣ ያስለቅሳል

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ነው። ለስላሳ ሌንስ ውኃ የያዘ ስስ ነገር በመሆኑ ጣት ላይ የቀረውን የበርበሬ፣ የቅባት ወይም የሽቶ ሳሙና ርዝራዥ ይዞ ወደ ዓይን ያስገባል። ወጥ የሠራ ወይም በእጁ የበላ ሰው አንድ ጊዜ መታጠቡ አይበቃውም፤ የበርበሬው ቅባት በጥፍር ሥር ይቆያል። ስለዚህ ሌንሱን ወጥ ቤት ከመግባትዎና ከመኳኳልዎ በፊት ያድርጉት፤ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥበውም ክር በማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ እጅዎን ያድርቁ። በርበሬ የነካው ለአንድ ቀን ብቻ የሚያገለግለው ዕለታዊ ሌንስ ከሆነ ጥሎ ሌላ መክፈት ይቻላል፤ ወርሃዊ ሲሆን ግን ታጥቦም ማቃጠሉን ካልተወ መጣሉ የሚያስቆጭ ቢሆንም መጣል አለበት።

ከሳምንታት በኋላ ይደርቃል፣ ያደበዝዛል

ጀማሪዎች በዕለታዊና በወርሃዊ መካከል ሲመርጡ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሌንስ የምታደርግ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ እናስብ። ይረክሳል ብላ ወርሃዊ ገዛች፤ መስከረም 5 ከፈተችው፤ ጥቅምት 20 ማደብዘዝ ሲጀምር ግን "13 ጊዜ እንኳ አላደረግሁትም" አለች። ወር የሚቆጠረው ማሸጊያው ከተከፈተበት ቀን እንጂ ባደረጉት ቀን ብዛት ስላልሆነ ሌንሱ 45 ቀን ሆኖታል፤ ከእንባ የሚመጣው ፕሮቲንና ቅባትም ተለጥፎበታል። ከዚህም በላይ ፈሳሹን በመለወጥ ፈንታ ባለፈው ላይ ትጨምር ነበር፤ አሮጌው ሲቀላቀልበት አዲሱም ጀርም የመግደል አቅሙ ይዳከማል።

ለእርሷ የሚስማማት ዕለታዊው ነው፤ በወር 8 ጥንድ ገደማ ይበቃታል፣ ፈሳሽም ማስቀመጫም አትገዛም። ማታ የወጣው ዕለታዊ ሌንስ ግን ይጣላል፤ ፈሳሽ ውስጥ አሳድሮ በማግስቱ ማድረግ ቁጠባ አይደለም። በየቀኑ ለሚያደርግ ሰው ወርሃዊው ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ሲያሰሉ ግን የፈሳሹንና የማስቀመጫውን ዋጋ ይደምሩ፣ በየማታው ለማጽዳት ትዕግሥት እንዳለዎትም ራስዎን ይጠይቁ።

ማጽዳቱ ይህ ነው፦ ሌንሱን መዳፍዎ ላይ አድርገው ጥቂት ፈሳሽ ያንጠባጥቡበት፤ ሁለቱንም ገጽ በጣት ቀስ አድርገው ያሹት፣ በፈሳሹ ያለቅልቁት፣ ከዚያም አዲስ ፈሳሽ በተሞላ ማስቀመጫ ውስጥ ያሳድሩት። ጠዋት በማስቀመጫው ያደረውን ፈሳሽ ደፍተው ማስቀመጫውን በአዲስ የሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ ያጥቡትና በንጹሕ ሶፍት ላይ ደፍተው ያድርቁት፤ ቢዘገይ በ3 ወር ይለውጡት። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ኖርማል ሳላይን ያለቀልቃል እንጂ ጀርም አይገድልም።

ውኃ ፈጽሞ አይነካውም። የቧንቧም ሆነ የጀሪካን ውኃ አካንታሚባ የተባለውን በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል፤ እርሱ የሚያመጣው የዓይን ሕመም ለማከም ወራት የሚፈጅ፣ ማየትንም ሊያሳጣ የሚችል ነው። አፍልተው ያቀዘቀዙት ውኃም አያስተማምንም። ስለዚህ ገላዎን ሲታጠቡና ሲዋኙ ያውጡት፤ ሐኪም ካልፈቀደልዎ አድርገውት አይተኙ።

ሌንሱ ከወጣም በኋላ ሕመም፣ መቅላት፣ ብርሃን መፍራት ወይም ብዥታ አለ

ይህ ኮርኒያ የሚባለው የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን ቁስል ሊሆን ስለሚችል ነገ አይባልም፤ በዕለቱ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ። ሌንስ ዳግመኛ አያድርጉ፣ መነጽርዎን ይጠቀሙ። በራስዎ የዓይን ጠብታ አይግዙ፤ በተለይ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ መቅላቱን አስታግሦ ኢንፌክሽኑን ሊያባብስ ይችላል። ሌንሱንና ማስቀመጫውን ግን ሳይጥሉና ሳያጥቡ ይዘው ይሂዱ፤ ላቦራቶሪው ጀርሙን ከእነርሱ ላይ ሊያገኘው ይችላል።